ኩሽኔታን በፎቶ ማዘዝ፦ ፎቶው የሚሸውደን የት ላይ ነው?

የምሠራው ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ፣ በአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው። በቀን ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በቴሌግራም የሚላኩ ፎቶዎች ናቸው። ከቆላድባ ይመጣሉ፣ ከማክሰኝት፣ ከዳባት፣ አንዳንዴም ከመተማ። ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ያው አንድ ነገር ነው፦ «ይቺ አለች?»

ለብዙ ዕቃ ፎቶ ይበቃል። የባጃጅ መስታወት ከሆነ አይቼ አውቀዋለሁ። ኩሽኔታ ግን ሌላ ነገር ነው። ኩሽኔታ ሁሉ ቀለበት ነው፣ መሃሉ ቀዳዳ ነው፣ ያብረቀርቃል። ፎቶው ጥርት ያለ ሆኖም ምንም ላይነግረኝ ይችላል። ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። ስህተቱም የሰው ሽንኩርት ሁለት ቀን ያለ ውሃ አሳደረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደንቢያ ውስጥ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ አንድ አባት ፓምፓቸው ይጮህባቸው ጀመር። የአካባቢው መካኒክ ፈታው፣ ኩሽኔታው አልቋል። ፎቶ ላኩልኝና ደወሉ። «ልጄ፣ ሽንኩርቱ ውሃ ጠምቶታል። እንዲህ ያለችዋን በዛሬው መኪና ላክልኝ» አሉኝ። ፎቶው ላይ ኩሽኔታው መዳፋቸው ላይ ተቀምጧል። ግሪስ ለብሷል፣ ትንሽ ዘመም ብሏል፣ ቁጥሩ አይታይም። እኔም ፎቶውን በምስል ፍለጋ መተግበሪያ አስገባሁት። የመጀመሪያው ውጤት 6203 አለኝ። መዳፍ ላይ ሲታይ ለእኔም እንደዚያ መሰለኝ። በማታው ሚኒባስ ላክሁት።

በማግስቱ ጠዋት ተደወለ። «ልጄ፣ ሻፍቱ አልገባ አለ።» ቀዳዳው ጠቧል። እዚያ ላይ ነው ፎቶውንና ካታሎጉን ጎን ለጎን አድርጌ የተቀመጥኩት።

ፎቶ መጠን አያውቅም

መጀመሪያ ሦስት ኩሽኔታዎችን እንይ። በውሃ ፓምፕ፣ በአነስተኛ ሞተርና በልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ በብዛት የሚገኙ ናቸው። ልካቸው በሚሊሜትር ነው።

- 6202፦ ቀዳዳው 15፣ የውጪ ስፋቱ 35፣ ውፍረቱ 11
- 6203፦ ቀዳዳው 17፣ የውጪ ስፋቱ 40፣ ውፍረቱ 12
- 6204፦ ቀዳዳው 20፣ የውጪ ስፋቱ 47፣ ውፍረቱ 14

አሁን ቀዳዳውን ለውጪው ስፋት አካፍሉት። 15 ለ35 ሲካፈል 0.429 ይሆናል። 17 ለ40 ሲካፈል 0.425 ነው። 20 ለ47 ሲካፈል 0.426 ነው። ውፍረቱንም ለውጪው ስፋት ብታካፍሉት ሦስቱም 0.30 አካባቢ ናቸው። ማለትም እነዚህ ሦስት ዕቃዎች አንድ መልክ ያላቸው ናቸው፤ ልዩነታቸው ትልቅና ትንሽ መሆናቸው ብቻ ነው። 6203ን ጠጋ ብላችሁ፣ 6204ን ራቅ ብላችሁ ብታነሱ ሁለቱ ፎቶዎች አንድ ላይ ይገጥማሉ። የሃያ ዓመት ልምድ ያለው መካኒክም ከዚያ ፎቶ ላይ ሊለያቸው አይችልም። ልዩነቱ ፎቶው ውስጥ የለማ!

መተግበሪያውም ከዚህ አይሻልም። የምስል ፍለጋ የሚሠራው ፎቶውን አሳንሶ፣ መልኩን ወደ ቁጥሮች ቀይሮ፣ ከዚያ ካሉት ሚሊዮን ፎቶዎች ጋር በማመሳሰል ነው። የሚያመሳስለው መልክን ነው። ሚሊሜትር የሚባል ነገር በፎቶው ውስጥ ስለሌለ ሊያመሳስለው አይችልም። በዚያ ላይ ብዙ የኢንተርኔት ሻጮች ለአስርና ለሃያ ልክ አንድ ፎቶ ነው የሚጠቀሙት፤ አንዱን ኩሽኔታ አንስተው በሁሉም ቁጥር ሥር ይለጥፉታል። ስለዚህ መተግበሪያው በትክክል «ይህን ይመስላል» ብሎ ያገኘው ፎቶ ሥር የተጻፈው ቁጥር ራሱ የዚያ ፎቶ ላይሆን ይችላል። ከውጤቱ በላይ የሚታየውን ቁጥር መልስ አድርጋችሁ አትውሰዱት። ዕቃው ኩሽኔታ መሆኑን ይነግራችኋል። የስንት ቁጥር ኩሽኔታ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም።

መዳፍም መለኪያ አይሆንም። የእኔ መዳፍና የአንድ ገበሬ መዳፍ አንድ አይደሉም። እኔ ያን ቀን በራሴ መዳፍ ልክ ነበር ያየሁት። የእርሳቸው ሰፊ ነው። ዕቃው ያነሰ የመሰለኝ ለዚህ ነው።

እንግዲህ ፎቶው እንዴት ይነሳ? ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጉት።

1ኛ፦ ከሁሉ በፊት ቁጥሩን ፈልጉ

ቁጥሩ ከተነበበ ሌላው ነገር ሁሉ ማረጋገጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ።

ቁጥሩ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በቀለበቱ ፊት ላይ ነው። የላስቲክ ክዳን ባለው ኩሽኔታ ላይ ግን ላስቲኩ ላይ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። በአንዱ ፊት ብቻ ሊሆን ስለሚችል አንዱን አይታችሁ «የለውም» አትበሉ፤ ገልብጡት። ግሪሱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ካልበቃ ጥቂት ነጭ ጋዝ ጨርቁ ላይ አድርጉና ቀለበቱን ብቻ ጥረጉ። ኩሽኔታው ገና የሚሠራ ከሆነ ጋዝ ውስጥ አትንከሩት፤ ውስጡ ያለውን ግሪስ ያጥበዋል።

ከዚያ ብርሃኑ ነው። ፍላሽ አጥፉ። ፍላሽ ከብረቱ ላይ ተመልሶ ፎቶው ላይ ነጭ ነገር ይሆናል፣ ፊደሉንም ይበላዋል። መስኮት አጠገብ ሂዱና ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ እንዲመታው አድርጉ። የተቀረጸ ፊደል የሚታየው በጥላው ነው። ብርሃን ከላይ ሲመጣ ጥላው ይጠፋል፤ ከጎን ሲመጣ ግን ትንሽ ጭረት እንኳን ጎልታ ትወጣለች። አሁንም ካልታየ ጠመኔ ቀለበቱ ላይ ፈግፈግ አድርጉና በጣታችሁ ጥረጉት። ጠመኔው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል፣ ፊደሉም ነጭ ሆኖ ይነበባል። ይህቺ ዘዴ ብዙ ጊዜ አውጥታኛለች።

ጽሑፉ ክብ ስለሆነ አንድ ፎቶ አይበቃም። ኩሽኔታውን ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ ሦስት ወይም አራት ፎቶ አንሱ። በአንዱ ላይ ያበራው ቦታ በሌላው ላይ ይነበባል።

ቁጥሩ ምን ይላል? 6204ን እንውሰድ። የመጀመሪያው 6 ዓይነቱን ይናገራል፤ አንድ ረድፍ ኳስ ያለው፣ በየቦታው የምናየው ዓይነት ነው። ቀጥሎ ያለው 2 የጥንካሬ ምድቡ ነው። ያው ቀዳዳ ሆኖ 3 ቢሆን ኖሮ ውጪው ሰፋ፣ ውፍረቱም ወፈር ይል ነበር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ስለ ቀዳዳው ይናገራሉ። ከ04 ጀምሮ በ5 ይባዛሉ፤ 04 ማለት 20 ሚሊሜትር፣ 05 ማለት 25 ነው። ከዚያ በታች ያሉት በቃል የሚያዙ ናቸው፦ 00 ማለት 10፣ 01 ማለት 12፣ 02 ማለት 15፣ 03 ማለት 17።

ከቁጥሩ ኋላ የሚመጡትን ፊደላት አትዝለሏቸው። `ZZ` ማለት በሁለቱም በኩል የቆርቆሮ ክዳን አለው ማለት ነው። `2RS` ማለት ክዳኑ ላስቲክ ነው። `C3` ደግሞ ውስጡ ከተለመደው ሰፋ ያለ ክፍተት አለው ማለት ነው፤ ሲሠራ ለሚግል ሞተር ይመረጣል። ቆርቆሮውንና ላስቲኩን በፎቶ መለየት ይቻላል። `C3`ን ግን ማንም ሰው በዓይን አያየውም፤ ከጽሑፉ ብቻ ነው የሚታወቀው። ለዚህ ነው ጽሑፉ በግማሽ ሲቆረጥ የምናደደው።

ወደ ደንቢያው ልመለስ። እኚያን አባት ይቅርታ ጠየቅኋቸውና ኩሽኔታው እንዲጸዳ ለመንኳቸው። ተማሪ ልጃቸው አጸዳችው። በጠመኔም ሞከረች። የመጀመሪያው 6 ወጣ። ሁለተኛው ዝጎ ጠፍቷል። ከዚያ 04 ይነበባል። ስለዚህ ቀዳዳው 20 ነው ማለት ነው። 6203 እንዳልሆነ እዚሁ ላይ ታወቀ። ግን ሌላም ሊሆን ይችላል፤ እኔ የጠረጠርኩት ሁለቱን ነው፦ 6204 ወይም 6304። የ6304 ቀዳዳም 20 ነው፤ ውጪው ግን 52፣ ውፍረቱ 15 ነው። አሁን ልክ ያስፈልገናል።

2ኛ፦ ፊት ለፊት፣ ከማስመሪያ ጋር

ኩሽኔታውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኙት። ከአጠገቡ ማስመሪያ አድርጉ። ስልኩን በትክክል ከላይ ያዙና አንሱ። ይህ ቀላል ይመስላል። ሁለት ወጥመድ አለበት፤ ሁለቱም ሰው ሳያውቀው የተሳሳተ ዕቃ ያስገዛሉ።

የመጀመሪያው ማዘንበል ነው። ክብ ነገር ዘመም ብሎ ሲነሳ ፎቶው ላይ እንቁላል ይመስላል። ባለ 47 ሚሊሜትሩ ኩሽኔታ 30 ዲግሪ ቢያዘነብል አጭሩ ጎኑ ወደ 40.7 ይወርዳል። 40 ደግሞ የ6203 ልክ ነው! ስለዚህ ቀለበቱ ፎቶው ላይ ፍጹም ክብ መሆኑን አረጋግጡ፤ ቁመቱና አግድሙ እኩል መሆን አለባቸው። እኩል ካልሆኑ እንደገና አንሱት። ብዙ ስልኮች ከላይ ቀጥ ብለው ሲያዙ መሃል ላይ ሁለት መስቀል ምልክት ያሳያሉ፤ ምልክቶቹ ሲገጣጠሙ ስልኩ ቀጥ ብሏል ማለት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የበለጠ ስውር ነው፤ እኔንም ሁለተኛ ጊዜ ሊያሳስተኝ ነበር። ማስመሪያው የሚተኛው ጠረጴዛው ላይ ነው። የኩሽኔታው ፊት ግን ከጠረጴዛው 14 ሚሊሜትር ከፍ ብሏል። ወደ ካሜራው የቀረበ ነገር ደግሞ ትልቅ ሆኖ ይታያል። ካሜራው ከጠረጴዛው 20 ሳንቲሜትር ላይ ቢሆን፣ ከኩሽኔታው ፊት ያለው ርቀት 186 ሚሊሜትር ብቻ ነው። 200ን ለ186 ስናካፍል 1.075 ይመጣል። ኩሽኔታው ከማስመሪያው አንጻር 7.5 በመቶ ያበጠ ሆኖ ይታያል ማለት ነው። 47ቱ 50.5 ሆኖ ይነበባል።

ከደንቢያ የመጣው ሁለተኛው ፎቶ ልክ እንደዚያ ነበር። ልጅቷ ስልኩን ጠጋ አድርጋ፣ ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ አነሳችው። ስለካው ውጪው 50.5 ሆነ። ከ47ና ከ52 የሚቀርበው 52 ነው። ከ«6 ምንም 04» ጋር ሲደመር 6304 ነው ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

ያዳነኝ ቀዳዳው ነው። ቀዳዳውን ስለካው 21.5 መጣ። ቁጥሩ ግን 20 ነው ብሏል። ስለዚህ ፎቶው አብጦ ነው የሚያሳየኝ። ካበጠ ደግሞ ሁሉንም እኩል ነው የሚያሳብጠው፤ 21.5ቱ በእውነት 20 ከሆነ፣ 50.5ቱ በእውነት 47 ነው። በማካፈልም ሞከርኩት። 21.5 ለ50.5 ሲካፈል 0.426 ነው፤ የ6204 ነው። የ6304 ቢሆን 20 ለ52፣ ማለትም 0.385 መሆን ነበረበት። ቀዳዳውና የውጪው ጠርዝ አንድ ከፍታ ላይ ስላሉ የማስመሪያው ስህተት ማካፈሉን አይነካውም። ያቺ 6202ን፣ 6203ንና 6204ን መለየት ያቃታት ማካፈል፣ 6204ንና 6304ን ግን በግልጽ ትለያለች።

ቢሆንም በዚህ ብቻ መላክ አልፈለግሁም። እንደገና እንድታነሳው ጠየቅኋት። እናንተም ከመጀመሪያው እንዲህ አድርጉ፦

ማስመሪያውን ከኩሽኔታው ፊት እኩል ከፍ አድርጉት። ሥሩ ደብተር ወይም የክብሪት ሳጥን አስገቡ። ከዚያ ስልኩን አርቁት። ወደ አንድ ሜትር ራቁና `2x` አጉሉ። ርቀቱ ሲጨምር ስህተቱ ይቀንሳል፤ ማስመሪያው ጠረጴዛው ላይ ቢቀር እንኳን ከአንድ ሜትር ላይ 47ቱ የሚነበበው 47.7 ሆኖ ነው። ኩሽኔታውንና ማስመሪያውን የፎቶው መሃል ላይ አድርጉ። የስልክ ካሜራ ጠርዙ አካባቢ ያለውን ነገር ሊለጥጠው ይችላል።

ማስመሪያ ከሌለ የኤ4 ወረቀት ይሠራል፤ ስፋቱ 210፣ ርዝመቱ 297 ሚሊሜትር ነው። ኩሽኔታውን ላዩ ላይ አስቀምጡና አራቱም ጠርዞች እንዲታዩ አርቃችሁ አንሱ። የባንክ ካርድም ልኩ የታወቀ ነው፣ 85.6 በ54 ሚሊሜትር አካባቢ። ነገር ግን የካርድ ቁጥራችሁን ለሱቅ ሰው በፎቶ አትላኩ፤ እኔ ከሰው ሲመጣልኝ ወዲያው አጠፋዋለሁ። እስክሪብቶ፣ ክብሪትና ጣት አይሆኑም። እስክሪብቶ ሁሉ አንድ ልክ የለውም።

3ኛ፦ በጎን በኩል

ኩሽኔታውን በጠርዙ አቁሙትና ውፍረቱን ከጎን አንሱ፣ እንደገና ከማስመሪያ ጋር። ይህን ፎቶ ሰው ይረሳዋል። አንዳንዱ ደግሞ ይህን ብቻ ይልካል። ሁለቱም አይሆንም። ለምን እንደሆነ በምሳሌ ላሳያችሁ።

6204 ውጪው 47፣ ውፍረቱ 14 ነው። 6303ም ውጪው 47፣ ውፍረቱ 14 ነው። የሚለያዩት በቀዳዳቸው ነው፤ አንዱ 20፣ ሌላው 17። በጎን ፎቶ ላይ ግን ቀዳዳ አይታይም። የፈለገ ማስመሪያ አድርጉ፣ የፈለገ ጥራት ያለው ካሜራ ይኑራችሁ፣ ከጎን ሁለቱ አንድ ናቸው። 6205ና 6304ም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለቱም ውጪያቸው 52፣ ውፍረታቸው 15 ነው።

በተቃራኒው ከፊት ብቻ ስታነሱ ውፍረቱ ይጠፋል። 62204 የሚባል ኩሽኔታ አለ። ቀዳዳው 20፣ ውጪው 47 ነው፤ ከፊት ሲታይ ከ6204 አይለይም። ውፍረቱ ግን 18 ነው። በ14ቱ ቦታ ልክ ሆኖ አይገባም። በ18ቱ ቦታ 14ቱን ብታስገቡ ደግሞ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተትበት ቦታ ይቀራል፤ ፓምፑም እንደገና ይጮሃል።

ስለዚህ ሁለት ማዕዘን ግዴታ ነው። ሦስተኛ ፎቶ ጨምሩ ብትሉኝ የጀርባውን ፊት እላለሁ። አንዳንዱ ኩሽኔታ በአንድ በኩል ብቻ ክዳን አለው፤ አንዱን ፊት ብቻ ካየሁ ሁለቱም የተዘጋ ይመስለኛል።

4ኛ፦ ከፎቶው ላይ መለካት

ይህን እኔ ነኝ የማደርገው፤ እናንተም ማድረግ ትችላላችሁ። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ በማንኛውም የሥዕል ፕሮግራም ክፈቱ። ጠቋሚውን ስታንቀሳቅሱ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ያለበትን ቦታ በፒክስል ያሳያሉ። መጀመሪያ ማስመሪያው ላይ 100 ሚሊሜትር ስንት ፒክስል እንደሆነ ለኩ። ከዚያ የውጪውን ስፋት፣ ቀጥሎም ቀዳዳውን።

ሦስተኛው የደንቢያ ፎቶ ላይ 100 ሚሊሜትሩ 1820 ፒክስል ነበር። አንድ ሚሊሜትር 18.2 ፒክስል ነው ማለት ነው። የውጪው ስፋት 861 ፒክስል ወጣ።

```
861 / 18.2 = 47.3
367 / 18.2 = 20.2
```

367ቱ ቀዳዳው ነው። የጎኑም ፎቶ ውፍረቱን 14 አካባቢ አሳየ። 47.3 የሚባል ኩሽኔታ በዚህ ምድብ የለም። ግን አያሳስብም። የእነዚህ ኩሽኔታዎች የውጪ ልክ እንደ ደረጃ ነው፤ 35፣ 40፣ 47፣ 52 እያለ ይወጣል። በመካከላቸው ቢያንስ 5 ሚሊሜትር አለ። ስለዚህ ግማሽ ሚሊሜትር መሳሳት ደረጃውን አያስቀይረኝም። ቀዳዳው ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። በ15ና በ17 መካከል ያለው 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ቀዳዳውን ስትለኩ አንድ ነገር አስተውሉ። ጠርዙ ዙሪያውን ተሞርዶ ለስልሷል፤ ሻፍቱ በቀላሉ እንዲገባ ነው። ከተሞረደው ውጪኛ መስመር ከለካችሁ ቀዳዳው ሁለት ሚሊሜትር ያህል ሰፍቶ ይታያችኋል። የምትለኩት ውስጥ ለውስጥ ያለውን፣ ጠባቡን ክብ ነው። የውጪው ጠርዝም እንዲሁ የተሞረደ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ሰፊውን ያዙ።

5ኛ፦ ሲላክ

በቴሌግራም ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል። ትንንሽ ፊደል ይደበዝዛል፤ 3 እና 8 አንድ ይሆናሉ። ለማያያዝ ስትነኩ `File` የሚለውን መርጣችሁ ላኩት፣ እንዳለ ይደርሳል። ከፎቶው ጋር ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ ከየትኛው ማሽን እንደወጣ፣ ከማሽኑ በየትኛው በኩል እንደነበር፣ ውሃ ወይም አቧራ የሚነካው መሆኑን። ፓምፕ ከሆነ የላስቲክ ክዳን ያለውን እልካለሁ። የቆርቆሮው ክዳን የውስጠኛውን ቀለበት አይነካውም፤ በመካከል ቀጭን ክፍተት አለ፣ ውሃ በዚያ ይገባል።

ለእኚያ አባት 6204 `2RS` ላክሁላቸው። በዚያው ቀን ከሰዓት ሻፍቱ ገባ። ለመጀመሪያው የተሳሳተ ዕቃ የመላኪያውን ሒሳብ እኔ ነኝ የቻልኩት፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና።

ፎቶው በደንብ ተነስቶም የማይነግረን

አንዳንድ ኩሽኔታ ውጪው የ6203 ሆኖ ቀዳዳው በኢንች የተሠራ ነው። ውጪው 40፣ ውፍረቱ 12፤ ቀዳዳው ግን 17 ሳይሆን 15.875 ሚሊሜትር፣ ማለትም አምስት ስምንተኛ ኢንች። ልዩነቱ አንድ ሚሊሜትር ከትንሽ ነው። ከፎቶ ላይ ቀዳዳው 16 አካባቢ ከመጣ እኔ አልወስንም። ካሊፐር ያለው ሰው ፈልጉ፤ ሞተር የሚጠቀልሉ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ አላቸው። ለክታችሁ ቁጥሩን ንገሩኝ።

ሌላው፣ የወጣው ኩሽኔታ ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ከእናንተ በፊት የፈታው ሰው የሚያገኘውን አስገብቶ፣ ሻፍቱን በቆርቆሮ ጠቅልሎት ይሆናል። ኩሽኔታው ሲወጣ ሥሩ ቀጭን ቆርቆሮ ወይም የሶዳ ጣሳ ቁራጭ ካገኛችሁ ይህ ነው የሆነው። ያኔ የኩሽኔታውን ፎቶ ተዉት። ሻፍቱንና መቀመጫውን አጽድታችሁ ለኩ፤ የሚያስፈልገው ልክ ከዚያ ነው የሚወጣው። ሻፍቱ ተበልቶ ከሆነም ያኔ ይታያል፦ ኩሽኔታው የተቀመጠበት ቦታ አብረቅርቆ፣ ከጎኑ ካለው በጥፍር የሚነካ ያህል ዝቅ ብሎ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ከሆነ ትክክለኛውን ቁጥር ብልክላችሁም ይዞራል። ሻፍቱን ቶርኖ ቤት ውሰዱት፣ ኩሽኔታውን ከዚያ በኋላ እናወራለን።